የቅዳሜ ገበያው ድልድይ፦ ለምስለ ችሎት የተሰጠን ጉዳይ ላይ ሐሳብ ስጡኝ

ብሌን_ሽምብጥ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ባሕር ዳር የሕግ 4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በሚቀጥለው ወር የምስለ ችሎት ውድድር አለን፣ እኔ በዐቃቤ ሕግ ወገን ነኝ። ጉዳዩ ሙሉ በሙሉ የፈጠራ ነው። እባካችሁ ከየትኛውም የአገራችን ጉዳይ ጋር አታያይዙብኝ።

ላሊያ እና ሞራን የሚባሉ ሁለት አገሮች ጦርነት ላይ ናቸው። ሁለቱም የጄኔቫ ስምምነቶችንና የ1977ቱን ተጨማሪ ፕሮቶኮል 1 ተቀብለዋል። ሸንበቆ የምትባል የላሊያ ከተማ ሐይቅ ዳር ላይ ናት። ወንዙ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ አንድ ድልድይ አለ። ከዚያ ወዲያ እስከ 60 ኪሎ ሜትር ድረስ ሌላ መሻገሪያ የለም።

አርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ለሞራኑ አዛዥ አስተማማኝ መረጃ ደረሰው። 22 ኦራል መኪኖች የመድፍ ጥይት ጭነው ቅዳሜ ጠዋት ድልድዩን ተሻግረው ወደ ግንባር ይሄዳሉ። አርብ ሌሊት ከድልድዩ 4 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ባለ የባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ ያድራሉ። በአዛዡ እጅ ካለፉት ሦስት ቅዳሜዎች የተነሳ የድሮን ቪዲዮም አለ። ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ድልድዩ ላይ በአንድ ጊዜ እስከ 300 ሰው ይታያል።

አዛዡ ቅዳሜ 4 ሰዓት ላይ መኪኖቹ ድልድዩ መሐል ሲደርሱ በሁለት የማይመሩ ባለ 500 ኪሎ ቦምቦች አስመታው። 61 ሲቪሎችና 19 ወታደሮች ሞቱ። ከድልድዩ ሥር ታስሮ የሚያልፈው የከተማው የውኃ ቧንቧ ተበጠሰ፣ ሆስፒታሉ 9 ቀን ያለ ውኃ ቆየ።

ቡድናችን የደረሰበት መደምደሚያ ቀላል ነው፤ 61 ከ19 ይበልጣል፣ ስለዚህ ጥቃቱ ተመጣጣኝ አይደለም። አሠልጣኛችን ግን «በዚህ ከገባችሁ በመጀመሪያው ዙር ትወድቃላችሁ» አለን። ለምን እንደሆነ ሊነግረን አልፈለገም። እስቲ ምን ትላላችሁ?

---

ደሱ_አባይማዶ

አሠልጣኛችሁ ልክ ነው። ተመጣጣኝነት ማለት ሌላው በተጠቀመበት ልክ መመለስ ነው። በክላሽ ከተተኮሰብህ በክላሽ፣ በመድፍ ከተተኮሰብህ በመድፍ። ላሊያ ያን ቀን ምን ተኮሰች? ምንም። በመኪና ጥይት ነው የጫነችው። ስለዚህ በአውሮፕላን መምታት ከመጀመሪያውም ስህተት ነው።

---

ሻምበል_ጡረታ

ወንድሜ ደሱ፣ ይሄ የመንደር ጠብ ሕግ ነው። ጦርነት ውስጥ ጠላት እስኪተኩስብህ ቁጭ ብለህ አትጠብቅም። የመድፍ ጥይት የጫነ ኦራል የትም ቢሆን፣ ቆሞም ቢሆን ሄዶም ቢሆን ዒላማ ነው።

ልጄ ብሌን፣ እኔ መድፈኛ ነበርኩ። የተማርነውን ልንገርሽ። ድልድይ ሁልጊዜም ወታደራዊ ዒላማ ነው። ካርታ ሲዘረጋ መጀመሪያ የሚከበበው ድልድይ ነው። በተለይ በ60 ኪሎ ሜትር ውስጥ አንድ ብቻ ከሆነ ያን ድልድይ ያልመታ አዛዥ በራሱ ወገን ይጠየቃል። እነዚያ 22 መኪኖች ቢሻገሩ ጥይቱ በማን ላይ ይዘንባል? በሞራን ልጆች ላይ ነው። ያንን ከሒሳቡ ውስጥ ማን አስገባው?

ሌላም አለ። ላሊያ ራሷ ለምን ገበያ ቀን መረጠች? ሆን ብላ በሰው መሐል መኪና የምታስገባ ከሆነ ጥፋቱ የእሷ ነው። ገበያተኛውን ጋሻ አድርጋዋለች።

---

ሲስተር_ሐና

ብሌንዬ፣ ሕግ አላውቅም፣ ግን ስለ ቧንቧው ማንም አለመናገሩ ገረመኝ። ሆስፒታል 9 ቀን ያለ ውኃ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ? የምሠራው ማዋለጃ ክፍል ነው። ውኃ ለአንድ ቀን ሲቋረጥ እንኳ የምናደርገውን እናጣለን። ዕቃ አይቀቀልም፣ እጅ በወጉ አይታጠብም፣ የወለደች እናት የምትታጠብበት የለም። የኩላሊት እጥበት ያለበት ሆስፒታል ከሆነ ደግሞ ማሽኑ ራሱ ያለ ብዙ ውኃ አይሠራም። 61 የተባለው በቦምቡ የሞተው ነው። በ9 ቀን ውስጥ የሞተውን ማን ቆጠረው? ሕጉ ያንን ያያል ወይስ ዝም ይላል?

---

አየነው_ዘጌ

እኔ ደግሞ የራሴን ልጠይቅ፣ ይቅርታ ከርዕሱ ከወጣሁ። ጀልባ ላይ ነው የምሠራው። አጎቴ በደርግ ጊዜ ታንኳ ነበረው፣ ዓሣ ያጠምድ ነበር። ወታደሮች እየመጡ «አሻግረን» ይሉት ነበር። እምቢ ማለት አይቻልም። ዛሬ እነሱን፣ ነገ ገበያተኛን፣ ከነገ ወዲያ መረቡን ይዞ ይወጣል። እንደ አጎቴ ያለ ሰው ሸንበቆ ሐይቅ ላይ ቢኖርና ድልድዩ ከተመታ በኋላ ጥይቱን በጀልባ እንዲያሻግር ቢታዘዝ፣ እሱም እንደ ወታደር ይመታል ማለት ነው? መረቡን ይዞ ሲወጣስ?

---

መምህር_ይ

ብሌን፣ አሠልጣኛችሁ ያልነገራችሁ ነገር ይመስለኛል ገብቶኛል። ይህን ሕግ ለዓመታት አስተምሬያለሁ፣ ተማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚያው ነው። ረጅም ስለሚሆን ታገሱኝ።

በቅድሚያ የሻምበልን ላንሳ። «ድልድይ ሁልጊዜም ዒላማ ነው» የሚለው ግማሹ ልክ ነው። በፕሮቶኮሉ አንቀጽ 52 መሠረት አንድ ነገር ዒላማ የሚሆነው በስሙ አይደለም። ሁለት ነገር በአንድ ላይ መሟላት አለበት። አንደኛ፣ በተፈጥሮው፣ በቦታው፣ ሊውል በታሰበበት ወይም በዋለበት አገልግሎት ለጦርነቱ እውነተኛ አስተዋፅኦ ማድረግ አለበት። ሁለተኛ፣ እሱን ማፍረስ በዚያን ጊዜ በነበረው ሁኔታ ግልጽ ወታደራዊ ጥቅም ማስገኘት አለበት። ከግንባር 400 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ፣ አህያና ትምህርት ቤት ልጅ ብቻ የሚያልፍበት ድልድይ ዒላማ አይደለም። የሸንበቆው ድልድይ ግን ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱንም ያሟላል። በዚህ ላይ ጊዜ አታባክኑ። ድልድዩ ዒላማ ነው፣ መኪኖቹ ዒላማ ናቸው። ዐቃቤ ሕጉ ይህንን በመጀመሪያው ደቂቃ ቢያምን ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።

አሁን ወደ 61 እና 19። ይህ ማነጻጸር ሕጉ ውስጥ የለም። ሕጉ ሬሳ ከሬሳ ጋር አያወዳድርም። በአንቀጽ 51 ላይ የተቀመጠው ሚዛን በአንድ በኩል አዛዡ ጥቃቱን ሲወስን በሲቪሉ ላይ ይደርሳል ብሎ የሚጠብቀውን ጉዳት ይይዛል። በሌላው በኩል የሚጠብቀውን ተጨባጭና ቀጥተኛ ወታደራዊ ጥቅም ይይዛል። በሁለቱም በኩል ያለው «የሚጠበቅ» ነው። 19 ወታደር መሞቱ የጥቅሙ መለኪያ አይደለም። ጥቅሙ 22 መኪና የመድፍ ጥይት ግንባር አለመድረሱ ነው፣ ያ ደግሞ ከባድ ጥቅም ነው። ሻምበል «ጥይቱ በማን ላይ ይዘንባል» ያሉት እዚህ ቦታ አለው፣ ትክክል ናቸው።

በጉዳት በኩልም ያው ነው። 61 የሚለው ቁጥር የሚጠቅማችሁ እንደ ማስረጃ ብቻ ነው። በእውነት የሚጠቅማችሁ ሦስቱ የቅዳሜ ቪዲዮዎች ናቸው። ለቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት በፈረንጆቹ 2003 በጋሊች ጉዳይ ያስቀመጠው መመዘኛ በግርድፉ ይህ ነው፦ በአዛዡ ቦታ የነበረ፣ በቂ መረጃ ያለው ምክንያታዊ ሰው፣ በእጁ ያለውን መረጃ በአግባቡ ቢጠቀም ኖሮ ከልክ ያለፈ የሲቪል ጉዳት ይደርሳል ብሎ ይጠብቅ ነበር ወይ? 300 ሰው የሚያሳይ ቪዲዮ በእጁ እያለ «አላሰብኩትም» ማለት አይችልም። አንድም ሰው ባይሞት ኖሮ እንኳ ጥያቄው ያው ነበር።

---

ብሌን_ሽምብጥ

መምህር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለዚህ የምንከራከረው 300 ሰው ለ22 መኪና ከልክ ያለፈ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ነው ማለት ነው? ይሄማ እንደ ዳኛው ሰው ይለያያል። ሻምበል አይደለም ይላሉ፣ ሲስተር ነው ትላለች።

---

መምህር_ይ

ልክ ነሽ፣ ለዚህም ነው በዚያ በር መግባት የሌለባችሁ። «ከልክ ያለፈ» የሚለው ቃል ቁጥር የለውም። በወንጀል ክስ ላይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የተቋቋመበት የሮም ስምምነት ጉዳቱ በግልጽ ከልክ ያለፈ እንዲሆን ይጠይቃል፣ ጥቅሙንም በአጠቃላይ ሲታይ እንዲመዘን ያደርጋል። በዚያ ላይ ብቻ ከተማመናችሁ የመከላከያው ጠበቃ የሻምበልን መልስ ይዞ ይመጣና ዳኛው ይጠራጠራል።

የጉዳዩን ፋይል እንደገና አንብቢው። መረጃው የደረሰው አርብ 10 ሰዓት ነው። መኪኖቹ ሌሊቱን ጫካ ውስጥ ያድራሉ። እነዚህን ሁለት መስመሮች ጉዳዩን የጻፈው ሰው ያለ ምክንያት አላስገባቸውም።

አንቀጽ 57 የጥንቃቄ ግዴታ ነው። ሚዛኑ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት ይመጣል። አዛዡ የሲቪል ጉዳትን ለማስቀረት፣ ካልሆነም ለመቀነስ፣ በመሣሪያና በጥቃት ዘዴ ምርጫ ረገድ የሚቻለውን ጥንቃቄ ሁሉ ማድረግ አለበት። ተመሳሳይ ወታደራዊ ጥቅም ለማግኘት ከበርካታ ዒላማዎች መምረጥ የሚቻል ከሆነ ደግሞ በሲቪሉ ላይ አነስተኛ አደጋ ያለውን መምረጥ አለበት።

አሁን አዛዡን እንዲህ ብለሽ ጠይቂው። የፈለግከው ምንድን ነው? ጥይቱን ማውደም ከሆነ፣ ጥይቱ ከአርብ ማታ ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ ጫካ ውስጥ ነበር፣ በዙሪያው ገበያተኛ አልነበረም። ድልድዩን ማፍረስ ከሆነ ደግሞ ድልድይ የትም አይሄድም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ብትመታው ሰው የለበትም። ከጠዋት በፊት ከፈረሰ ጥይቱም አይሻገርም። ቅዳሜ 4 ሰዓትን መምረጥ ትርጉም የሚኖረው ሁለቱን በአንድ ምት ለማግኘት ከተፈለገ ብቻ ነው። እንግዲህ ያ ተጨማሪ ጥቅም ምን ያህል ነው? ክርክሩ ወደዚህ ከጠበበ 300 ሰዎች የሚመዘኑት ከ22 መኪና ጋር አይሆንም። የሚመዘኑት አንድ ምት ከመቆጠብ ጋር ነው።

---

ሻምበል_ጡረታ

መምህር፣ በአክብሮት አልስማማም። ጫካውን በወረቀት ላይ ነው ያዩት። ባሕር ዛፍ ውስጥ በሌሊት የተበተነ 22 መኪና መምታት ምን እንደሆነ ልንገርዎ። ኮንቮይ ሲያድር ተጠጋግቶ አይቆምም። በመኪናና በመኪና መሐል 50 ሜትር፣ አንዳንዴም 100 ሜትር ይተዋል። መረብ ይለብሳል፣ ሞተር ይቀዘቅዛል። በሁለት ቦምብ ሦስት መኪና ብትመታ ትልቅ ነገር ነው፣ 19ኙ ጠዋት ይሻገራል። ድልድይ ላይ ግን ይሰለፋል፣ መሸሻ የለውም። ስለዚህ «ተመሳሳይ ጥቅም» ያሉት ተመሳሳይ አይደለም።

የሌሊቱን ድልድይ ግን እቀበላለሁ። አልዋሽም፣ እኔ አዛዡን ብሆን ሌሊት እመታዋለሁ። ሌሊት የሚመታ አውሮፕላን ካለው ማለት ነው። ያለው አውሮፕላን በቀን ብቻ የሚመታ ከሆነስ? ሁሉም ጦር የአሜሪካ መሣሪያ የለውም።

---

መምህር_ይ

ሻምበል፣ ስለ ጫካው ያሉት ጠንካራ ነው፣ ብሌን ጻፊው፣ የመከላከያው ጠበቃ በትክክል ይህንኑ ይላል። ሕጉም የሚጠይቀው የሚቻለውን ነው። የሌለውን መሣሪያ አምጣ አይልም። በሌሊት መምታት በእርግጥ የማይችል ከሆነ የሌሊቱ አማራጭ ይወድቃል።

ግን ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛ፣ ድልድዩ በሰው የሚሞላው ከ3 እስከ 6 ሰዓት ነው። ጎህ ሲቀድ፣ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ብርሃን አለ፣ ገበያተኛው ግን ገና አልወጣም። ድልድዩን ለማፍረስ የሌሊት መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ ፋይሉ አዛዡ ምን መሣሪያ እንደነበረው ምን ይላል? ብሌን፣ አባሪውን አይተሽዋል?

---

ብሌን_ሽምብጥ

አሁን አየሁት። አባሪ 3 ላይ «የሞራን አየር ኃይል በዚያ ወር ሁለት የሌሊት ድብደባዎች አካሂዷል» ይላል። በጣም ትንሽ ጽሑፍ ናት፣ አልፈናት ነበር። ባለ 250 ኪሎ የሚመሩ ቦምቦች እንዳሉትም ይላል፣ ግን «ቁጥራቸው ውስን ነው» ብሎ ያቆማል።

---

ሻምበል_ጡረታ

እንግዲያው አዛዡ ችግር አለበት። ሌሊት መምታት እየቻለ ቀን ከመታ ምክንያቱን በጽሑፍ ማስቀመጥ ነበረበት። የሚመራውን ቦምብ ለሌላ ግዳጅ ማቆየቱን ግን አልፈርድበትም። ውስን ከሆነ ቅድሚያ ይሰጣል፣ ይሄ የማንም አዛዥ መብት ነው።

ስለ ላሊያ የጠየቅኩትን ግን ማንም አልመለሰልኝም። ገበያ ቀን መረጠች።

---

መምህር_ይ

ላሊያም ግዴታ አለባት። አንቀጽ 58 ሲቪሎችን ከወታደራዊ ዒላማ አጠገብ ለማራቅ የተቻላትን እንድታደርግ ያስገድዳታል። ሆን ብላ በሰው ለመከለል ገበያ ቀን መርጣ ከሆነ ያ ራሱ ጥሰት ነው። ግን የላሊያ ጥፋት የሞራንን ግዴታ አያነሳም። አንቀጽ 51 መጨረሻው ላይ ይህን በግልጽ ይላል። ጤፍ ይዛ የምትሻገር ሴት ኮንቮዩን ማን እንዳመጣው አታውቅም፣ ጥበቃዋም በላሊያ አዛዥ እጅ የተያዘ ንብረት አይደለም።

ከኛው ታሪክ አንድ ነገር ላንሳ፣ ለጥንቃቄ ግዴታ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላውቅም። በግንቦት 1990 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ ሰኔ 5 ቀን 1998፣ የኤርትራ አውሮፕላኖች መቀሌን ደበደቡ፣ ከተመታው አንዱ የአይደር ትምህርት ቤት ነው። ጉዳዩ ለኢትዮ-ኤርትራ የካሳ ኮሚሽን ቀረበ። ኤርትራ ዒላማዬ የአየር ማረፊያው ነበር አለች። ኮሚሽኑ በፈረንጆቹ 2004 ሲወስን ሲቪሎቹ ሆን ተብለው ተመቱ አላለም። ያለው፣ ኤርትራ የሚቻለውን ጥንቃቄ ሁሉ አላደረገችም ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው በረራ ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ናት አለ። አያችሁ፣ ዒላማው ትክክል ቢሆን እንኳ፣ አእምሮው ውስጥ ክፋት መኖሩ ባይረጋገጥ እንኳ፣ በጥንቃቄ ጉድለት ብቻ ተጠያቂነት ይመጣል። እሱ የመንግሥት ኃላፊነት ጉዳይ ነው፣ እናንተ የያዛችሁት የግለሰብ አዛዥ ክስ ነው፣ ልዩነቱን አትርሱ። ግን አቅጣጫው ያው ነው።

---

ሲስተር_ሐና

ቧንቧውስ?

---

መምህር_ይ

ሲስተር፣ ይቅርታ፣ ዘግይቼብሻለሁ። ያነሳሽው የጉዳዩ ሁለተኛ ጠንካራ ክር ነው።

ቧንቧው በድልድዩ ሥር መኖሩ ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ድልድዩ ሲወድቅ እንደሚበጠስም ማንም መሐንዲስ ይነግርሻል። ቧንቧው ከተበጠሰ ሆስፒታሉ ውኃ ያጣል። ይህ ሊገመት የሚችል ጉዳት ነው፣ ሊገመት የሚችል ከሆነ ደግሞ ሚዛኑ ላይ መቀመጥ አለበት። ዛሬ አብዛኛው የዘርፉ ሰው በዚህ ይስማማል። ክርክሩ ያለው «እስከ የት ድረስ» በሚለው ላይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በውኃ እጦት የሚሞት ሕመምተኛ? አዎ። ከስድስት ወር በኋላ በሌላ ምክንያት የሚመጣ ኮሌራ? እዚያ ይከራከራሉ።

ሌላ ጉዳይ ደግሞ አለ፣ እንዳትቀላቅሉት። ያው ኮሚሽን በ2005 ኢትዮጵያ የአሰብን ውኃ የሚያቀርበውን የሐርሲለን የውኃ ማጠራቀሚያ መምታቷ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወስኗል። ያ ግን ውኃው ራሱ የተመታበት ነው፣ ለሕዝብ ሕልውና አስፈላጊ የሆኑ ነገሮችን በሚጠብቀው አንቀጽ 54 ሥር የሚታይ። የሸንበቆው ቧንቧ ዒላማ አልነበረም፣ አብሮ ነው የሄደው። ስለዚህ ሐርሲለን ጠቅሳችሁ «ይኸው ተከልክሏል» ካላችሁ ትሸነፋላችሁ። ቧንቧውን በሚዛኑና በጥንቃቄው በኩል አስገቡት። ምሰሶ አለ፣ መጋጠሚያ አለ። ቧንቧው በአንድ በኩል ብቻ ታስሮ ከሆነ በሌላው በኩል ያለውን ስፓን፣ ማለትም በሁለት ምሰሶ መሐል ያለውን የድልድዩን ክፍል፣ መምታት ይቻል ነበር ወይ? የሚመራው ቦምብ ጥያቄ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ነው፣ በማይመራ ባለ 500 ኪሎ ቦምብ ስፓን መምረጥ አይታሰብምና።

---

ሲስተር_ሐና

ገባኝ። እንግዲህ ብሌንዬ፣ የሆስፒታሉ ማጠራቀሚያ ለስንት ቀን እንደሚበቃ ፋይሉ ውስጥ ፈልጊ። ሮቶ አለው? ቦቴ መግቢያ መንገድ አለው? አዛዡ ይህን ቢጠይቅ ኖሮ በአንድ ስልክ የሚያውቀው ነገር ነው። የኛ ሆስፒታል ማጠራቀሚያ ስንት ሰዓት እንደሚያቆየን ዘበኛው እንኳ ያውቃል።

---

አየነው_ዘጌ

የኔስ ጥያቄ? ሰው ሁሉ ድልድዩ ላይ ቀረ።

---

መምህር_ይ

አየነው፣ አንተ የጠየቅከው ከድልድዩ ይከብዳል። ጀልባውንና ሰውየውን ለያይተህ እይ። ጀልባው ጥይት ወይም ወታደር ሲጭን በአገልግሎቱ ዒላማ ይሆናል። ጭነቱን አራግፎ መረብ ይዞ ሲወጣ ግን የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ነው።

ሰውየው ደግሞ ሲቪል ነው። ጥበቃውን የሚያጣው በጦርነቱ በቀጥታ ሲሳተፍ፣ ያውም ለተሳተፈበት ጊዜ ብቻ ነው። የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በፈረንጆቹ 2009 ያወጣው መመሪያ ግንባር ላይ ለሚተኮስ መሣሪያ ጥይት የሚያደርስን ሾፌር በቀጥታ ተሳትፏል ይላል። ከፋብሪካ ወደ ወደብ የሚያመላልሰውን ግን አይደለም ይላል። በመሐል ያለው ሁሉ ያከራክራል። የሸንበቆው ጀልበኛ ጥይቱን ከማዶ ለሚጠብቅ ሌላ መኪና ቢያደርስ እኔ በቀጥታ ተሳትፏል አልልም። ጀልባው ሊመታ ይችላል፣ እሱ ግን ሚዛኑ ላይ እንደ ሲቪል ይቆጠራል። በማግሥቱ ዓሣ ሲያጠምድ ቢመታ ደግሞ ሲቪልን ከተዋጊ የመለየት መርህ ያለ ጥርጥር ተጥሷል።

---

ሻምበል_ጡረታ

በማግሥቱ መምታት ነውር ነው፣ በዚህ እንስማማለን። በሐይቁ መሐል እያለ ግን ከሰማይ የሚያየው አብራሪ ሰውየው ተገዶ ይሁን ወዶ በምን ያውቃል?

---

መምህር_ይ

አያውቅም። ተገዶ መሆኑ ጥበቃውን ይመልስለታል ወይ በሚለው ላይም የሕጉ ሰዎች አንድ አይደሉም። መመሪያው ራሱ የሰውየውን ውስጣዊ ፍላጎት አይመለከትም፣ ድርጊቱን ነው የሚያየው። እኔ ይህ ክፍል አያረካኝም፣ ግን ሕጉ ያለበት እዚያ ነው።

---

አየነው_ዘጌ

አጎቴ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል አላውቅም። አመሰግናለሁ መምህር።

---

ደሱ_አባይማዶ

ቅድም ያልኩት የራስ መከላከል ሕግ እንደሆነ ገባኝ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። አዛዡ ለምን በሬዲዮ ወይም በበራሪ ወረቀት «ድልድዩን ልመታ ነው ውጡ» አላለም? ማስጠንቀቂያ ግዴታ አይደለም እንዴ?

---

ብሌን_ሽምብጥ

ደሱ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ይሄን እኔ ልሞክረው። ሁኔታው ካልከለከለ በቀር ግዴታ ነው። አዛዡ ያቀደው መኪኖቹን በድንገት ለመያዝ ከሆነ ማስጠንቀቂያ ዕቅዱን ያፈርሰዋል፣ ስለዚህ «ሁኔታው አልፈቀደልኝም» ማለት ይችላል። ዓላማው ድልድዩ ከሆነ ግን ማስጠንቀቂያ ምንም አይጎዳውም፣ ድልድይ አይሸሽም። እንደገና ወደዚያው ጥያቄ መለሰን፤ የፈለገው ምንድን ነው? መምህር፣ ትክክል ነኝ?

---

መምህር_ይ

ትክክል ነሽ። ፕሮቶኮሉ የሚለው ውጤታማ ማስጠንቀቂያ መሆኑንም ጨምሪ። ገበያተኛው በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ማስጠንቀቂያ አይሆንም።

---

ብሌን_ሽምብጥ

አንድ የመጨረሻ የከበደኝ ነገር። ድልድዩ ራሱ የገበያተኛው መንገድ ነው። ከፈረሰ በኋላ በማዶ ያሉ ሰዎች ገበያም ጤና ጣቢያም ያጣሉ። ድልድዩ ዒላማ ከሆነ ይህ ጉዳት ይቆጠራል ወይስ «ዒላማ ነው» ስንል አብሮ ጠፋ?

---

መምህር_ይ

እዚህ ላይ መልስ አልሰጥሽም፣ ምክንያቱም የተዘጋ መልስ የለም። የሞስታርን አሮጌ ድልድይ ጉዳይ አንብቢ። የዩጎዝላቪያው ፍርድ ቤት የመጀመሪያ ችሎት በፈረንጆቹ 2013 ድልድዩ ወታደራዊ ዒላማ እንደነበር አምኖ፣ በሲቪሉ ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን ያልተመጣጠነ ነው አለ። ይግባኝ ሰሚው በ2017 ዒላማ ከነበረ ማፍረሱ ያለ ወታደራዊ አስፈላጊነት የተፈጸመ ውድመት ሊባል አይችልም ብሎ ሻረው። አንዳንዶች ከዚህ ተነስተው ዒላማ የሆነ ድልድይ የሲቪል ጥቅሙ አይቆጠርም ይላሉ። እኔ በሌሎቹ ወገን ነኝ። ይግባኙ የተወሰነው ስለ ውድመት ወንጀል ነው፣ ስለ ተመጣጣኝነት ሚዛን አይደለም። ድልድዩ ዒላማ ስለሆነ ድንጋዩ አይቆጠርም እንበል፤ በማዶ መውለጃዋ የደረሰች ሴት መሻገሪያ ማጣቷ ግን ድንጋይ አይደለም። ብትጠየቂ የምትመልሺውን አዘጋጂ እንጂ ክሱን በዚህ ላይ አትገንቢው።

---

ሻምበል_ጡረታ

እኔ በይግባኙ ወገን ነኝ። ድልድይ በሁለት አይቆረጥም፣ ግማሹ ሲቪል ግማሹ ወታደር ሆኖ አይቆምም። በዚህ ከሄድን ምንም ድልድይ የማይመታበት ጦርነት ይሆናል።

---

ሲስተር_ሐና

ሻምበል፣ ማንም አይመታ አላለም። ሌሊት ይመታ ነው የተባለው።

---

ብሌን_ሽምብጥ

ቡድኑ ዛሬ ማታ ተሰብስቦ ጽሑፉን እንደ አዲስ ጀምረናል። ድልድዩም መኪኖቹም ዒላማ መሆናቸውን በመጀመሪያው ገጽ እናምናለን። ከዚያ ከአርብ 10 ሰዓት እስከ ቅዳሜ 4 ሰዓት ያሉትን 18 ሰዓታት በሰንጠረዥ አስቀምጠን አዛዡ በየሰዓቱ ምን ያውቅ እንደነበርና ምን ማድረግ ይችል እንደነበር እናሳያለን። 61 የሚለውን ቁጥር ወደ ኋላ ወስደነዋል። የሆስፒታሉ ማጠራቀሚያ አባሪ 5 ላይ አለ፣ ሲስተር፤ ለሁለት ቀን ብቻ ይበቃል ይላል።

ሻምበል፣ ከቻሉ አንድ ውለታ እጠይቅዎታለሁ። የመከላከያውን ወገን ሆነው ጫካው ለምን እንደማይሆን አጥብቀው ይጻፉልኝ። በዚያ መልክ ካልተፈተንን መድረኩ ላይ እንደነግጣለን።

---

ሻምበል_ጡረታ

እጽፍልሻለሁ ልጄ። ግን የጫካውን ካርታ ላኪልኝ፣ ቁልቁለቱንና መግቢያ መንገዱን ሳላይ አልጽፍም። መኪኖቹ በአንድ መንገድ ብቻ የሚወጡ ከሆነ እኔም ሐሳቤን ልቀይር እችላለሁ።